የተለያየ ታህት ያላቸው ክፍልፋዮች ሲደመሩ ትንሹ የጋራ ብዜት ለምን ይፈለጋል?

በክፍልፋይ ውስጥ ከመስመሩ በላይና በታች የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ሥራቸው የተለያየ ነው። ከታች ያለው ታህት አንዱ ሙሉ ነገር ስንት እኩል ቦታ እንደተቆረጠ ይናገራል፤ በዚህም የቁራሹን መጠን ይወስናል። ከላይ ያለው ላዕል ደግሞ ከእነዚያ ቁራሾች ስንቱ እንደተያዙ ይቆጥራል። 3/8 ሲባል ቁራሹ ስምንተኛ ነው፣ ብዛቱም ሦስት። 3/8 እና 2/8 ሲደመሩ ሦስት ስምንተኛና ሁለት ስምንተኛ አንድ ላይ አምስት ስምንተኛ ይሆናሉ። ላዕሎቹ ተደመሩ፤ ታህቱ ግን እንዳለ ቀረ። ቁራሾቹ ስለበዙ የእያንዳንዱ ቁራሽ መጠን አይለወጥምና።

ታህቶቹ ሲለያዩ ነገሩ ይከብዳል። አንድ ዳቦ ለአራት እኩል ተቆርጦ አንዱ ቁራሽ ቢነሳ፣ ሌላ እኩያው ዳቦ ደግሞ ለስድስት ተቆርጦ ከእሱም አንዱ ቢነሳ፣ የተነሱት ቁራሾች ሁለት መሆናቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን «ሁለት ምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለም። ሁለት አራተኛ አይደሉም፤ ሁለት ስድስተኛም አይደሉም። መጠናቸው የተለያየ ነገሮች ተቆጥረው ብዛታቸው ቢታወቅም መጠናቸው ስንት እንደሆነ ብዛቱ ብቻውን አይናገርም። መደመር የሚቻለው ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቁራሽ ሲቆጠሩ ነው።

ብዙ ተማሪዎች በዚህ ቦታ የሚሠሩት ስህተት አንድ ነው፤ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ይደምራሉ። በዚህ መንገድ 1/2 እና 1/2 ሲደመሩ 2/4 ይሆናሉ። 2/4 ግን ራሱ ግማሽ ነው። ግማሽና ግማሽ ተደምሮ ግማሽ ከሆነ አንዱ ግማሽ የት ገባ? ይህ ስህተት የሚሰጠው ውጤት ምንጊዜም ከሁለቱ ክፍልፋዮች መካከል ነው፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ደግሞ ከእነሱ ጋር እኩል ይሆናል። ለምሳሌ 5/12 እና 7/18 በዚህ መንገድ ቢደመሩ 12/30 ይመጣል፤ ሲቃለል 2/5 ነው። 2/5 ከ5/12 ያንሳል፣ ከ7/18 ይበልጣል። ሁለት ከዜሮ የሚበልጡ መጠኖች ተደምረው ከአንደኛው ያነሰ ውጤት ሊመጣ ስለማይችል፣ ስህተቱ ያለ ምንም ተጨማሪ ስሌት ይታወቃል።

እንግዲህ ለአራተኛውም ለስድስተኛውም የሚሆን አንድ ቁራሽ መፈለግ አለበት። የሚፈለገው ቁራሽ አንድ አራተኛን በሙሉ ቁጥር ያህል ጊዜ ተደጋግሞ ያለ ትርፍና ያለ ጉድለት መሸፈን አለበት፤ አንድ ስድስተኛንም እንዲሁ። አንድ ስምንተኛ ለአራተኛው ይስማማል፤ ሁለት ስምንተኛ አንድ አራተኛ ነውና። ለስድስተኛው ግን አይሆንም፤ አንድ ስምንተኛ ከስድስተኛው ያንሳል፣ ሁለት ስምንተኛ ደግሞ ይበልጠዋል። አንድ አሥራ ስምንተኛ በተቃራኒው ለስድስተኛው ሦስት ጊዜ ልክ ይገባል፤ ለአራተኛው ግን አራት ጊዜ ሲገባ ይጎድላል፣ አምስት ጊዜ ሲገባ ይተርፋል።

ከእነዚህ ሙከራዎች ሕጉ ይወጣል። አንድ ሙሉ ነገር ለ24 ከተቆረጠ፣ አራተኛው ስንት ቁራሽ እንደሚይዝ ለማወቅ 24 ለ4 ይካፈላል፤ ስድስት ይሆናል። ሙሉው ለ18 ቢቆረጥ ግን 18 ለ4 ሲካፈል ስለሚተርፍ አራተኛው በቁራሾቹ ድንበር ላይ አያርፍም። ስለዚህ ቁራሹ ለአራተኛው የሚስማማው ታህቱ የ4 ብዜት ሲሆን ብቻ ነው፤ ለስድስተኛው የሚስማማውም ታህቱ የ6 ብዜት ሲሆን ብቻ ነው። ለሁለቱም እንዲስማማ የ4 እና የ6 የጋራ ብዜት መሆን ይኖርበታል። የ4 ብዜቶች 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20፣ 24 እያሉ ይሄዳሉ፤ የ6 ብዜቶች ደግሞ 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያሉ ይቀጥላሉ። ሁለቱ ረድፎች መጀመሪያ የሚገናኙት 12 ላይ ነው፤ ቀጥሎ 24 ላይ፣ ከዚያ 36 ላይ፣ እያለ ይሄዳል።

በ12 ሲሠራ 1/4 ሦስት አሥራ ሁለተኛ፣ 1/6 ሁለት አሥራ ሁለተኛ ይሆናል፤ ድምሩ 5/12 ነው። በ24 ሲሠራ 6/24 እና 4/24 ተደምረው 10/24 ይሆናሉ፤ ሲቃለል ያው 5/12 ይመጣል። በ36ም በ48ም መልሱ አይለወጥም። ስለዚህ ትንሹ የጋራ ብዜት ብቸኛው ትክክለኛ መንገድ ነው ማለት አይቻልም። ማንኛውም የጋራ ብዜት ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። ታዲያ ትንሹን ከሌሎቹ የሚለየው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መልስ መጠንን ይመለከታል። ታህቱ ባነሰ ቁጥር ቁራሹ ይተልቃል። አንድ አሥራ ሁለተኛ አራተኛውንም ስድስተኛውንም ልክ ከሚሸፍኑ እኩል ቁራሾች ሁሉ ትልቁ ነው። ትንሹን የጋራ ብዜት መፈለግ ማለት ሁለቱን ክፍልፋዮች ለመቁጠር የሚበቃውን ትልቁን ቁራሽ መፈለግ ማለት ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ አለመቁረጥ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ የጠለቀ ነው። ለሁለቱ የሚስማሙ ሌሎች ቁራሾች ሁሉ፣ ሃያ አራተኛውም፣ ሠላሳ ስድስተኛውም፣ አርባ ስምንተኛውም፣ የአሥራ ሁለተኛው ስብርባሪዎች ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም፤ ማረጋገጫውም አጭር ነው። የ4 እና የ6 የጋራ ብዜት የሆነ፣ ነገር ግን ለ12 ሲካፈል ቀሪ የሚተው ቁጥር አለ እንበል። ከዚያ ቁጥር ላይ 12 የተቻለውን ያህል ጊዜ ቢቀነስ፣ ከ12 ያነሰ ቀሪ ይተርፋል። የመጀመሪያው ቁጥር ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ የተቀነሱት 12ቶችም ይካፈላሉ፤ ስለዚህ የተረፈውም ለ4 ይካፈላል። በዚሁ ምክንያት ለ6ም ይካፈላል። ይህ ማለት የተረፈው ቁጥር ራሱ የጋራ ብዜት ነው፤ ግን ከ12 ያንሳል። 12 ከሁሉ ትንሹ ነው ስለተባለ እንዲህ ያለ ቁጥር ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ቀሪ የለም፤ እያንዳንዱ የጋራ ብዜት የትንሹ ብዜት ነው። በ4 እና በ6 ፋንታ ሌሎች ቁጥሮች ቢገቡም ማረጋገጫው አንዲት ቃል ሳይለወጥ ይሠራል።

ስለዚህ ትንሹ የጋራ ብዜት ከብዙ እኩል አማራጮች መካከል ለቅለት ሲባል ብቻ የተመረጠ አይደለም። የሌሎቹ ሁሉ መነሻ ነው። በ24 ወይም በ36 የሚሠራ ሰው ሳያስበው በ12 እየሠራ ነው፤ እያንዳንዱን አሥራ ሁለተኛ ለሁለት ወይም ለሦስት ይሰብራል፤ በኋላም ሲያቃልል የሰበረውን ይገጥማል።

ይህ እውነት በጽሑፍ ከተቀመጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ዩክሊድ «ኤለመንትስ» በተባለው ሥራው ሰባተኛ መጽሐፍ፣ 34ኛው አንቀጽ ላይ የሁለት ቁጥሮችን ትንሹን የጋራ ብዜት የማግኛ መንገድ ይሰጣል። በ35ኛው አንቀጽ ማንኛውም የጋራ ብዜት የትንሹ ብዜት መሆኑን ያረጋግጣል። የዚያ መጽሐፍ የመጨረሻ አንቀጽ የሆነው 39ኛው የሚጠይቀው ደግሞ የተሰጡትን ክፍሎች፣ ለምሳሌ ግማሽ፣ ሲሶና ሩብ፣ በሙሉ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው ትንሹ ቁጥር የቱ እንደሆነ ነው። ለግማሽ፣ ለሲሶና ለሩብ መልሱ 12 ነው። ከክፍልፋይ ድምር በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ይኸው ነው።

ትንሹ የጋራ ብዜት ሳይያዝ ሲደመር ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ከዩክሊድም የቀደመ ሰነድ አለ። በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው የራይንድ ፓፒረስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አህምስ በተባለ የግብጽ ጸሐፊ የተገለበጠ የሒሳብ ጥቅል ነው። ግብጻውያን ከ2/3 በስተቀር ክፍልፋይን የሚጽፉት ላዕሉ 1 በሆኑ ክፍልፋዮች ድምር ነበር። በጥቅሉ 23ኛ ጥያቄ ላይ 1/4፣ 1/8፣ 1/10፣ 1/30 እና 1/45 ተሰጥተዋል፤ የሚፈለገው ድምራቸው 2/3 እንዲሞላ የጎደለው ነው።

አህምስ አምስቱን ለመደመር አንድ የጋራ መለኪያ ይዟል፤ የመረጠው ቁጥር ግን 45 ነው። 45 ለ45ም ለአንዱ ቁራሽ ይስማማል፤ ለ4፣ ለ8፣ ለ10 እና ለ30 ግን ያለ ቀሪ አይካፈልም። ስለዚህ ቁጥሮቹ እየተሰበሩ መጡ። የ45 ሩብ 11 ከሩብ ነው፤ ስምንተኛው 5 ከግማሽ ከአንድ ስምንተኛ፤ አሥረኛው 4 ተኩል፤ ሠላሳኛው 1 ተኩል፤ አርባ አምስተኛው 1። ሲደመሩ 23 ከግማሽ ከሩብ ከአንድ ስምንተኛ ይሆናሉ። የ45 ሁለት ሦስተኛ 30 ስለሆነ፣ የጎደለው 6 ከአንድ ስምንተኛ ነው። ከ45 ውስጥ 5 አንድ ዘጠነኛ ነው፤ 1 ከአንድ ስምንተኛ ደግሞ አንድ አርባኛ ነው። መልሱ 1/9 እና 1/40 ሆነ። ትክክል ነው።

መልሱ ትክክል ቢሆንም፣ ክፍልፋይ ለመደመር ሲባል ሌሎች ክፍልፋዮች መደመር ነበረባቸው። ሩቡ፣ ግማሹና ስምንተኛው ተሰብስበው እስኪያልቁ ድረስ ሥራው አላለቀም። የ4፣ የ8፣ የ10፣ የ30 እና የ45 ትንሹ የጋራ ብዜት 360 ነው። በ360 ቢሠራ አምስቱ ቁጥሮች 90፣ 45፣ 36፣ 12 እና 8 ይሆናሉ፤ ድምራቸው 191። የ360 ሁለት ሦስተኛ 240 ስለሆነ የጎደለው 49 ነው፤ ማለትም 49/360። 49 ደግሞ 40 እና 9 ነው፤ ከ360 ውስጥ 40 አንድ ዘጠነኛ፣ 9 ደግሞ አንድ አርባኛ ነው። ያው መልስ ነው፤ በመንገዱ ላይ ግን አንድም የተሰበረ ቁጥር አልገባም። የአህምስን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በ8 ያበዛ ሰው እነዚህኑ ያገኛል፤ 360 ማለት 8 ጊዜ 45 ነውና። ከ360 በታች የሆነ የትኛውም ቁጥር ቢመረጥ፣ ከአምስቱ ቢያንስ አንዱ ላይ ስብርባሪ መምጣቱ አይቀርም። ከ360 በላይ የሆነ ቁጥር ቢመረጥ ወይ ስብርባሪ ይመጣል፣ ወይ ቁጥሮቹ ያለ ጥቅም ይተልቃሉ። ትንሹ የጋራ ብዜት ስብርባሪው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠፋበት ቦታ ነው።

በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሌላው መንገድ ታህቶቹን እርስ በርስ ማባዛት ነው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ምንጊዜም የጋራ ብዜታቸው ስለሆነ ይህ መንገድ አይሳሳትም። ከላይ የተጠቀሱት 5/12 እና 7/18 በዚህ መንገድ ሲደመሩ የጋራ ታህቱ 12 ጊዜ 18፣ ማለትም 216 ነው። 5 ጊዜ 18 ዘጠና፣ 7 ጊዜ 12 ሰማንያ አራት፣ ድምሩ 174/216። ይህ መልስ ገና አልተቃለለም። ሁለቱም ለ6 ይካፈላሉ፤ ሲካፈሉ 29/36 ይገኛል። በትንሹ የጋራ ብዜት ሲሠራ ደግሞ ታህቱ ከመነሻው 36 ነው። 36 ለ12 ሲካፈል 3 ስለሆነ 5/12 ወደ 15/36 ይለወጣል፤ 36 ለ18 ሲካፈል 2 ስለሆነ 7/18 ወደ 14/36 ይለወጣል። 15 እና 14 ተደምረው 29/36።

በ216 እና በ36 መካከል ያለው ልዩነት 6 እጥፍ ነው። ይህ 6 ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ የነገሩ ቁልፍ ነው። ሁለቱ ታህቶች ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ወደሌላቸው ቁጥሮች ሲተነተኑ ይታያል።

12 = 2 × 2 × 3
18 = 2 × 3 × 3

አሥራ ሁለት ሁለት 2ቶችና አንድ 3 ይዟል፤ አሥራ ስምንት አንድ 2 እና ሁለት 3ቶች ይዟል። የጋራ ብዜት ለመሆን አንድ ቁጥር 12ንም 18ንም በውስጡ መያዝ አለበት። ለ12 ሲባል ሁለት 2ቶች ያስፈልጋሉ፤ ለ18 ሲባል ሁለት 3ቶች ያስፈልጋሉ፤ ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልግም። 2 × 2 × 3 × 3 ደግሞ 36 ነው። ታህቶቹ በቀጥታ ሲባዙ ግን በሁለቱም ውስጥ ያለው 2 እና በሁለቱም ውስጥ ያለው 3 ሁለት ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ። ሁለቴ የተቆጠሩት አንድ 2 እና አንድ 3 ሲባዙ 6 ይሆናሉ፤ 6 ደግሞ የ12 እና የ18 ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ታህቶች ብዜት ለትልቁ የጋራ አካፋያቸው ሲካፈል ትንሹን የጋራ ብዜት ይሰጣል፤ 216 ለ6፣ 36።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙም አይነገርም። ታህቶችን በማባዛት የተሠራ ድምር ምንጊዜም በትልቁ የጋራ አካፋይ ሊቃለል ይችላል። 90 የመጣው 5 በ18 ተባዝቶ ነው፤ 18 ለ6 ስለሚካፈል 90ም ይካፈላል። 84 የመጣው 7 በ12 ተባዝቶ ነው፤ እሱም ለ6 ይካፈላል። ታህቱ 216ም እንዲሁ። ስለዚህ ታህቶቹ ከ1 በላይ የጋራ አካፋይ ካላቸው፣ በማባዛት የሚገኘው መልስ ሳይቃለል የሚያልቅበት አጋጣሚ የለም። ትንሹ የጋራ ብዜት ይህን የማቃለል ሥራ በኋላ ከመሥራት ይልቅ ገና ከመጀመሪያው ያስወግደዋል።

ሁለቱ ታህቶች ምንም የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ግን ሁለቱ መንገዶች አንድ ይሆናሉ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን ጥንድ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ይገኛል። የጨረቃ ዑደት 19 ዓመት ነው፤ የሳምንቱ ዕለትና የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት ተጣምረው የሚመለሱት ደግሞ በ28 ዓመት ነው። 28 ማለት 2 × 2 × 7 ስለሆነና 19 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ሁለቱ የሚጋሩት አካፋይ የለም። ሁለቱ ዑደቶች እንደገና አንድ ላይ የሚጀምሩት በትንሹ የጋራ ብዜታቸው በ532 ዓመት ነው፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይህ ነው። 1/19 እና 1/28 የሚደምር ሰውም ከዚህ ቁጥር ማምለጥ አይችልም። 28/532 እና 19/532 ተደምረው 47/532 ይሆናሉ፤ ከ532 ያነሰ የጋራ ታህት የለም።

ትንሹ የጋራ ብዜት የማይሰጠውን ነገር መለየትም ያስፈልጋል። በእሱ የተሠራ ድምር ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቀላል መልክ ይዞ ይመጣል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። 1/6 እና 1/10 ይህን ያሳያሉ። ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 30 ነው፤ 5/30 እና 3/30 ተደምረው 8/30 ይሆናሉ። ይህ ገና ለ2 ይቃለላል፤ መልሱ 4/15 ነው። 5/12 እና 7/18 ሲደመሩ ግን 29/36 ምንም ማቃለል አላስፈለገውም። ልዩነቱን የሚፈጥረው የታህቶቹ ውስጣዊ ቅንብር ነው።

12 ሁለት 2ቶች ሲኖሩት 18 አንድ ብቻ አለው። ወደ 36 ሲለወጡ 5/12 በ3 ተባዝቶ ላዕሉ 15 ይሆናል፤ 7/18 በ2 ተባዝቶ ላዕሉ 14 ይሆናል። አንደኛው ላዕል ለ2 ይካፈላል፣ ሌላኛው አይካፈልም፤ ስለዚህ ድምራቸው ለ2 ሊካፈል አይችልም። በ3ም በኩል እንዲሁ ነው፤ 15 ይካፈላል፣ 14 አይካፈልም። አንድ ብቸኛ ቁጥር በሁለቱ ታህቶች ውስጥ በተለያየ ብዛት ከተገኘ፣ ክፍልፋዮቹ ቀድመው የተቃለሉ እስከሆኑ ድረስ፣ ድምሩን በዚያ ቁጥር ማቃለል አይቻልም። 6 እና 10 ግን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ 2 ይዘዋል። እኩል ስለያዙ ወደ 30 ሲለወጡ አንዳቸውም በ2 አይባዙም፤ ላዕሎቹ 5 እና 3 ሆነው ሁለቱም ጎዶሎ ቁጥሮች ናቸው። ሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ሲደመሩ ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ስለሚሰጡ ማቃለሉ አይቀርም።

ከዚህ የተግባር ጥቅም ይገኛል። የተቃለሉ ሁለት ክፍልፋዮች በትንሹ የጋራ ብዜት ከተደመሩ በኋላ፣ መልሱ ሊቃለል የሚችለው በሁለቱ ታህቶች የጋራ አካፋይ ውስጥ ባሉ ቁጥሮች ብቻ ነው። ለ8/30 የሚፈተሸው 2 ብቻ ነው፤ 3ንም 5ንም መሞከር አያስፈልግም። ዶናልድ ክኑዝ ስለ ኮምፒውተር ስሌት በጻፈው ሁለተኛ ቅጽ ላይ ክፍልፋዮችን ለመደመር የሚያስረዳው መንገድ በዚሁ ሐሳብ ላይ ያረፈ ነው፤ መጀመሪያ የታህቶቹ ትልቁ የጋራ አካፋይ ይገኛል፣ በመጨረሻም አዲሱ ላዕል ከዚያ አካፋይ ጋር ብቻ ይፈተሻል። ቁጥሮቹ መቶ አሃዝ ያላቸው ሲሆኑ ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ክፍልፋዮቹ ከሁለት ሲበልጡ በማባዛትና በትንሹ የጋራ ብዜት መካከል ያለው ርቀት በፍጥነት ይሰፋል። 1፣ 1/2፣ 1/3 እያለ እስከ 1/10 የሚሄደውን ድምር ለማግኘት ታህቶቹ ሁሉ ቢባዙ 3,628,800 ይመጣል። ከ1 እስከ 10 ያሉት ቁጥሮች ትንሹ የጋራ ብዜት ግን 2,520 ብቻ ነው፤ 1,440 ጊዜ ያነሰ። በ2,520 ሲሠራ ላዕሎቹ ከ2,520 ጀምረው 1,260፣ 840፣ 630 እያሉ እስከ 252 ይወርዳሉ፤ ድምራቸው 7,381 ነው። 7381/2520 ከዚህ በላይ አይቃለልም። ይህን ስሌት በወረቀትና በእርሳስ መጨረስ ይቻላል፤ በሰባት አሃዝ ታህት ግን ማንም በደስታ አይሠራውም።

በሥራ ላይ የሚታዩ ስህተቶች ከዚህ ሁሉ ምክንያት አንዱን ከመርሳት ይመጣሉ። አንዱ ታህቱን ለውጦ ላዕሉን እንዳለ መተው ነው፤ 5/12 እና 7/18 ወደ 5/36 እና 7/36 ተለውጠው 12/36፣ ማለትም 1/3 ይሆናሉ። ይህ መልስ ከሁለቱ ክፍልፋዮች ከእያንዳንዳቸው ያነሰ ስለሆነ ስህተቱ ግልጽ ነው። ቁራሹ ሦስት ጊዜ ሲያንስ ቁራሾቹ ሦስት ጊዜ መብዛት ነበረባቸው። ሌላው ትንሹን የጋራ ብዜት ከትልቁ የጋራ አካፋይ ጋር ማደባለቅ ነው። ለ12 እና ለ18 በ36 ፋንታ 6ን የያዘ ሰው 5/12ን በስድስተኛ ለመቁጠር ሲሞክር ሁለት ተኩል ስድስተኛ ያገኛል፤ ስብርባሪው የተሳሳተ ቁጥር መያዙን ወዲያው ይነግረዋል። ከመደመር በፊት መልሱን በግምት ማየትም ይጠቅማል፤ 5/12ም 7/18ም ከግማሽ ጥቂት ያንሳሉ፣ ስለዚህ ድምራቸው ከ1 ማነስ አለበት፤ ግን በብዙ አይደለም። 29/36 በዚያ ቦታ ላይ ይገኛል።

ከፍ ባሉ ክፍሎች በፊደል የሚጻፈው ቀመር a/b + c/d = (ad + bc)/bd ነው፤ ታህቱ የሁለቱ ታህቶች ብዜት እንጂ ትንሹ የጋራ ብዜት አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ b እና d የትኞቹ ቁጥሮች እንደሆኑ ሳይታወቅ የሚጋሩት አካፋይ መኖሩን ማወቅ አይቻልም። ቀመሩ ለሁሉም ጥንድ እንዲያገለግል ምንም እንደማይጋሩ አድርጎ ይሠራል። ቁጥሮቹ ሲታወቁ ግን የሚጋሩትን ሁለቴ መቁጠር ምክንያት የለውም። መቀነስና ማወዳደርም የጋራ ቁራሽ ስለሚፈልጉ ለእነሱም ትንሹ የጋራ ብዜት ያገለግላል፤ ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማባዛት ግን የጋራ ቁራሽ ስለማይፈልግ እዚያ ላይ እሱን መፈለግ ትርፍ ድካም ነው።